ሥራውም ክፍያውም እንዳለ (የቅጥር ቪዲዮ ስክሪፕት፣ ኮምቦልቻ ሳይት)

ትዕይንት 1
ማለዳ 12:30። ከደሴ የተነሳ ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል። ሠራተኞች ምሳቸውን በፌስታል ይዘዋል።

የሳይት መሐንዲሱ (ድምፅ)፦ ሥራ የምንጀምረው 2:00 ሰዓት ነው። ከደሴ ለሚመጣ ሰው በጨለማ መነሳት አለ። ትራንስፖርት ድርጅታችን አይሸፍንም። ይህን ከወዲሁ አስሉት።

ትዕይንት 2
ጂ+4 ሕንፃ፣ የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ እየተሞላ ነው። ሙዚቃ የለም። የሚክሰሩና የቫይብሬተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ካሜራው ባሬላ የያዙ እጆች ላይ ይቆያል።

መሐንዲሱ፦ ሶሌታ ከተጀመረ መሀል ላይ አይቆምም። እንደዛሬው ባለ ቀን እስከ ምሽቱ 1:00 ሰዓት እንቆያለን።

ፎርማኑ (ወደ ካሜራው)፦ አዲስ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ትከሻው ይነድዳል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ጓንት አውልቆ ሲሚንቶ የነካ ደግሞ ማታ እጁን ሲበላው ያውቀዋል። ጫማ፣ ጓንትና ሄልሜት ከእኛ ነው። ሄልሜት ያላደረገ ግን የእናቴ ልጅም ቢሆን መወጣጫው ላይ አይወጣም።

ትዕይንት 3
ቅዳሜ 9:00 ሰዓት፣ የክፍያ ቀን። አንዲት የቀን ሠራተኛ የክፍያ ወረቀቷን ታሳያለች።

ሠራተኛዋ፦ ስመጣ የቀኑን 450 ብር በ30 አባዝቼ ነበር። እንደዚያ አይደለም! እሁድ የለም። ዝናብም አለ። በዚህ 15 ቀን 12 ቀን ገባሁ፤ ሁለቱን ቀን ዝናብ ከረፋዱ ላይ አስቆመንና ግማሽ ግማሽ ተያዘልኝ። ይኸው፣ 4,950 ብር። የሶሌታው ቀን ሁለት ሰዓት ትርፍ 168 ብር ከ75 ሳንቲም። በድምሩ 5,118 ብር ከ75። ወንዶቹም ለዚሁ ሥራ ያው 450 ነው የሚከፈላቸው።

መሐንዲሱ፦ ይህ ግብር ሳይቆረጥ ነው፤ እጅ ላይ የሚገባው ያንሳል። የቀን ሥራ በሕጉ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ ያለፈው ሰዓት እስከ ምሽቱ 4:00 በአንድ ተኩል፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ በሁለት ተኩል ይባዛል። ግንበኛ በቀን 1,000፣ ፌሮ ሠራተኛ 950 ይከፈለዋል። ቋሚ የሆነ ሰው 7 በመቶ ጡረታ ይቆረጥበታል፤ እኛ 11 በመቶ እንጨምርለታለን። ክረምት ሲገባ ግን ሥራ ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ እኩል ገቢ ይኖራል ብለን ቃል አንገባም። የቤት ኪራይ ከመያዛችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ትዕይንት 4
የሳይቱ በር። ጥበቃው አባት መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል።

ፎርማኑ፦ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ጠዋት 1:30 እዚህ በር ላይ እንመዘግባለን። መታወቂያ ያዙ። ለደላላ ሳንቲም አትክፈሉ፤ ምዝገባው ነፃ ነው። ግንበኛ የሆናችሁ ማንኪያና ቱንቢያችሁን ይዛችሁ ኑ። አንድ ቀን ሠርታችሁ እናያለን። ብንስማማም ባንስማማም የዚያን ቀን ሒሳባችሁን ማታውኑ ትቀበላላችሁ።