ጉዳዩ፦ አስጊ ውጤት ለሐኪም ስለማሳወቅና ጥሪውን ስለመመዝገብ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ፦ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች በሙሉ (ተረኞችን ጨምሮ)
ከ፦ ላቦራቶሪ ክፍል ኃላፊ፣ ደሴ

ባለፈው ወር አንድ ሌሊት ከሕፃናት ክፍል የመጣ የስኳር ውጤት 38 ሆነ። ተረኛችን ወዲያው ደወለ። «ሰላሳ ስምንት» አለ። ነርሷ «ስልሳ ስምንት» ሰማች፤ ጽፋም አስቀመጠችው። ስህተቱ የታወቀው ወረቀቱ ክፍሉ ሲደርስ ነው፣ ከ50 ደቂቃ በኋላ። ልጁ ግሉኮስ ተሰጥቶት ነቃ፣ አልሐምዱሊላህ። መዝገባችን ላይ ግን ያገኘሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ተነግሯል»። ለማን? ስንት ሰዓት? ምን ተብሎ? የለም።

የደወለው ልጅ አላጠፋም ማለት ይቻላል፤ ያጣነው አሠራር ነው። ከጥቅምት 15 ጀምሮ እንዲህ እንሠራለን።

ፓኒክ ቫልዩ የምንለው ዝርዝር ማሽኖቹ አጠገብ ተለጥፏል። ለአዋቂ ዋና ዋናዎቹ፦ ፖታሲየም ከ2.8 በታች ወይም ከ 6.2 በላይ፣ ሶዲየም ከ120 በታች ወይም ከ160 በላይ፣ ስኳር ከ50 በታች ወይም ከ450 በላይ፣ ሄሞግሎቢን ከ6 በታች፣ ፕላትሌት ከ20,000 በታች። በአከርካሪ ፈሳሽ ግራም ስቴይን ላይ ባክቴሪያ ከታየ፣ የደም ካልቸር ካበቀለ፣ ወይም ብዙ የወባ ተውሳክ በስላይድ ከታየ ያው ነው። አሁን ደግሞ ወቅቱ ነው፤ ከባቲና ከከሚሴ በኩል የሚመጣውን ስላይድ «ነገ ይደርሳል» ብላችሁ እንዳታሳድሩ።

ቁጥሩን ስታዩ መጀመሪያ ቱቦውን አንሱና እዩት። ሴረሙ ቀልቷል? ፖታሲየሙ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ፖታሲየም ከፍ ብሎ ካልሲየም ከወረደ ወይን ጠጅ ክዳን ካለው ቱቦ የተገለበጠ ደም ጠርጥሩ። ፕላትሌት ካነሰ የረጋ ነገር ፈልጉ፣ ስሚርም እዩ። ስኳር ያለቅጥ ከፍ ካለ ደሙ ግሉኮስ ከገባበት ክንድ እንዳልተቀዳ ጠይቁ። ይህ ሁሉ ግን ስልኩን ማዘግየት የለበትም። ጥርጣሬ ካለ «ሳምፕሉ አጠራጣሪ ነው፣ ሌላ ላኩልን» ብላችሁ ያኔውኑ ደውሉ።

ውጤቱ ከተረጋገጠ በ10 ደቂቃ ውስጥ ስልክ መነሳት አለበት። ተቀባዩ ታካሚውን የያዘው ሐኪም፣ ጤና መኮንን፣ ነርስ ወይም አዋላጅ ነርስ ነው። ተላላኪ፣ አስታማሚ ወይም ተለማማጅ ተማሪ አይቆጠርም። በቴሌግራም ፎቶ መላክም ማሳወቅ አይደለም፤ የታካሚ ምስጢርም ነው።

አነጋገሩ እንዲህ ይሁን፦ «ሰላም እህቴ፣ ከላቦራቶሪ ነው። አስጊ ውጤት ስለሆነ እስክሪብቶ ያዢ። የታካሚው ሙሉ ስም ይኸው፣ ካርድ ቁጥሩ ይኸው። ስኳር፦ ሦስት፣ ስምንት፤ ሰላሳ ስምንት። እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ።» ቁጥሩን ነጠላ በነጠላ ጥሩ። ሰላሳና ስልሳ በስልክ አንድ ናቸው። «አብሽር፣ ሰምቻለሁ» የሚል መልስ አትቀበሉ። ስም፣ ካርድ ቁጥርና ውጤት መልሳ ካላነበበች ጥሪው አላለቀም። ብትቆጣ ትቆጣ።

ስልክ ካልተነሳ ከ5 ደቂቃ በኋላ ድገሙ። አሁንም ካልተነሳ አንድ ሰው በእግሩ ይሂድ፤ ሌሊት ብቻችሁን ከሆናችሁ ሊያዞን ቢሮ ደውላችሁ ተረኛ ሐኪሙን አስጠሩ። ተመላላሽ ታካሚ ከሆነ ያዘዘው ሐኪም መጀመሪያ ይወቅ፤ ሰውየው ወደ ኩታበር መንገድ ጀምሮ ከሆነ ካርዱ ላይ ባለው ስልክ ይጠራል። ስለዚህ ሳምፕል ስትቀበሉ ስልክ ቁጥር መጻፉን እዩ።

ስልኩን ሳታስቀምጡ ቀዩ መዝገብ ላይ ጻፉ፦ የታካሚ ስም፣ ካርድ ቁጥር፣ ክፍል፣ ምርመራና ውጤት፣ ውጤቱ የተረጋገጠበትና የተደወለበት ሰዓት፣ የተቀባይ ስምና ሙያ፣ «መልሳ አንብባለች» የሚል ቃል፣ ፊርማችሁ። ያልተነሱ ጥሪዎችም ይጻፉ፤ ነገ የሚከላከልላችሁ እሱ ነው። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ፈርሙ፤ ፍሉይድ አትቀቡ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ማሽኑ 02:10 ብሎ ያትማል፣ እኛ 8፡10 ብለን እንጽፋለን። በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ የ6 ሰዓት መዘግየት ያለ መስሎ ተጠይቀናል። መዝገቡ ላይ በእኛ አቆጣጠር፣ «ሌሊት» ወይም «ቀን» ጨምራችሁ ጻፉ።

መዝገቡ ኬሚስትሪ ጠረጴዛ ላይ፣ ከስልኩ ጎን ይቀመጣል። ተረኛ ሲቀያየር ያላለቀ ጥሪ በቃልም በጽሑፍም ይተላለፋል። ዘወትር ሰኞ ጠዋት አየዋለሁ። አንብባችሁ ከታች ፈርሙ፤ ያልገባችሁ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።

የላቦራቶሪ ክፍል ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለሜዲካል ዳይሬክተር፣ ለሜትረን ቢሮ