የሚያፈሰው የቢሮ ጣሪያ እንዲጠገንልንና የኪራይ ማስተካከያ እንዲደረግልን ስለመጠየቅ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ አቶ ግርማ
የሕንፃው ባለቤትና አከራይ

ጉዳዩ፡- በ4ኛ ፎቅ ላይ የሚገኘው ቢሯችን ጣሪያ በአስቸኳይ እንዲጠገንና ክፍሎቹ ከአገልግሎት ውጪ ለሆኑባቸው ሳምንታት ኪራዩ እንዲስተካከል መጠየቅን ይመለከታል

የተከበሩ አቶ ግርማ፣

አስቀድመን ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ሕንፃዎ 4ኛ ፎቅ ላይ 120 ካሬ ሜትር ስፋት ያለውን ቢሮ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ተከራይተን የሂሳብ ሥራና የግብር ማማከር አገልግሎት እየሰጠን እንደምንገኝ ይታወቃል። በእነዚህ ዓመታት ኪራዩን በየሦስት ወሩ አስቀድመን ስንከፍል ቆይተናል፤ እርስዎም የምናነሳቸውን ጥያቄዎች በቅንነት ሲያስተናግዱልን ቆይተዋል። ይህን ጉዳይ በስልክ ብቻ ከመነጋገር ይልቅ በጽሑፍ ማቅረብ የመረጥነውም ነገሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየከፋ በመሄዱና ምን እንደተከሰተ፣ ምን እንደምንጠይቅ በሁለታችንም እጅ ግልጽ ሆኖ እንዲቀመጥ ስለፈለግን ነው።

ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረው ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን በመጀመሪያ የታየው በሰነድ ማስቀመጫ ክፍላችን ኮርኒስ ላይ የወጣ እርጥበት ነበር። ዕለቱኑ ለሕንፃው ተቆጣጣሪ አሳወቅን፤ ሐምሌ 12 ቀን የተላከው ሠራተኛም ጣሪያው ላይ ወጥቶ በዛጉት የቆርቆሮ ምስማሮች ዙሪያ ሬንጅ ቀብቶ ወረደ። በተከታዮቹ ቀናት የዘነበው ቀላል ዝናብ ስለነበር ችግሩ የተፈታ መስሎን ነበር። ሐምሌ 20 ሌሊት ግን በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮውን ስንከፍት ውሃው የትልቁን የሥራ ክፍልና የሰነድ ክፍሉን ኮርኒስ አርሶ በሁለት ቦታ የጂብሰም ሰሌዳዎቹን አውርዷቸው አገኘን። ውሃው በመብራት መስቀያዎቹ በኩል ይንጠባጠብ ስለነበር የጠራነው የኤሌክትሪክ ባለሙያ የሁለቱን ክፍሎች ብሬከር አጥፍቶ ጣሪያው ሳይጠገንና መስመሩ ሳይፈተሽ እንዳይበራ አሳስቦናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም ክፍሎች ተዘግተዋል።

ሐምሌ 24 ቀን ከሕንፃው ተቆጣጣሪና እኛ ካመጣነው የግንባታ ባለሙያ ጋር ጣሪያው ላይ ወጥተን ተመልክተናል። ያየነውን በዝርዝር የምንጽፈው የሬንጅ ቅብ ለምን እንዳልሠራ ስለሚያስረዳና የሚቀጥለው ጥገናም በዚያው መንገድ ተሠርቶ ገንዘብዎ በከንቱ እንዳይወጣ ስለምንፈልግ ነው። ዋናው ውሃ የሚገባው በምስማር ቀዳዳ አይደለም። በቆርቆሮውና በዳር ግንቡ መካከል የተዘረጋው አሸንዳ በቅጠል፣ በአፈርና ከታንከሩ ተከላ በተረፈ የሲሚንቶ ፍርስራሽ ተሞልቷል፤ ውሃውን ወደ ታች ከሚያወርዱት ሁለት ቱቦዎች አንዱ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል። ስለዚህ ዝናቡ ሲበረታ አሸንዳው ሞልቶ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለስና በቆርቆሮው ሥር አልፎ በቀጥታ ኮርኒሱ ላይ ይፈሳል። ዝናቡ ቀላል ሲሆን የማያፈሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ባለፈው ሚያዝያ የተተከለው የውሃ ታንከር መቆሚያ እግሮች ቆርቆሮውን በተጫኑበት ቦታ ሰርጉደውታል፤ ቆርቆሮው ከግንቡ ጋር የሚገናኝበትን መስመር የሚሸፍነው ላሜራም ከሦስት ሜትር በላይ በሚሆን ርዝመት ከግንቡ ተላቅቋል። ሬንጅ የተቀባው ግን ከእነዚህ ቦታዎች በአንዱም ላይ አይደለም።

ይህ ወቅት ለሥራችን ምን ማለት እንደሆነ መግለጽም ተገቢ ይመስለናል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ያሉት ወራት የደንበኞቻችን ዓመታዊ ሂሳብ የሚዘጋበትና የግብር ማስታወቂያቸው የሚዘጋጅበት ጊዜ በመሆኑ፣ የዓመቱ ከባዱ ሥራችን የሚያርፈው ከከባዱ ዝናብ ጋር በአንድ ላይ ነው። የሰነድ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጡት የሽያጭና የግዥ ደረሰኞች፣ የባንክ መግለጫዎችና መዛግብት የእኛ ንብረት አይደሉም። ደንበኞቻችን በሕግ ለዓመታት ጠብቀው የማቆየት ግዴታ ያለባቸውና የግብር መሥሪያ ቤቱ በጠየቃቸው ጊዜ ሊያቀርቧቸው የሚገቡ ሰነዶች ናቸው። አንድ ደንበኛ የረጠበ ደረሰኝ ይዞ ወጪውን ማስረዳት ቢያቅተው ጉዳቱ በእርሱ ላይ ይወድቃል፤ አደራውን የተቀበልነው ግን እኛ ነን። እስካሁን ሰነዶቹን ወደ እንግዳ መቀበያው አዛውረን በላስቲክ ሸፍነን አቆይተናቸዋል፤ ጥቂት የረጠቡትንም አንድ በአንድ ዘርግተን አድርቀናል። በዚህም ምክንያት ደንበኞቻችንን የምናነጋግረው ኮሪደር ላይ ነው፤ ከባልደረቦቻችን ከፊሎቹም ከቤታቸው እንዲሠሩ ተገደዋል። በተዘጉት ክፍሎች ግድግዳ ላይ ሻጋታ መታየት የጀመረ ሲሆን አስም ያለባት ባልደረባችን ወደዚያ በኩል ማለፍ እንኳ አልቻለችም።

ይህ ጉዳት የእኛ ብቻ ሆኖ እንደማይቀርም እንዲያስቡበት እንለምናለን። ውሃው ከቢሯችን አልፎ በደረጃው በኩል ወደ 3ኛ ፎቅ መውረድ ጀምሯል። ኮንክሪቱ ለረጅም ጊዜ እርጥበት ከያዘ ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ እያበጠ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። የኤሌክትሪኩም አደጋ ለመላው ሕንፃ ነው። ዛሬ በአሸንዳ ጠረጋና በጥቂት ቆርቆሮ የሚያልቀው ሥራ ለሚቀጥለው ክረምት ቢተላለፍ ወጪው ብዙ እጥፍ እንደሚሆን ያነጋገርነው ባለሙያ አረጋግጦልናል።

በመሆኑም ጥገናው በሁለት ጊዜ ተከፍሎ እንዲሠራ እንጠይቃለን። በዚህ ሳምንት ውስጥ፣ የዝናቡን ማቆም መጠበቅ ሳያስፈልግ፣ አሸንዳው እንዲጠረግ፣ የተደፈነው ቱቦ እንዲከፈትና የተላቀቀው መስመር በወፍራም ሸራ እንዲሸፈን፤ ይህ ሥራ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ቢዘገይ እስከ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ፣ የሰረጎዱት ቆርቆሮዎች እንዲቀየሩ፣ ላሜራው እንደገና እንዲታሰርና እንዲደፈን፣ የታንከሩ መቆሚያ ክብደቱ በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን በግንቡ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ እንዲስተካከል፣ ከዚያም የወደቀው ኮርኒስ እንዲተካ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ እንዲፈተሽና የሻገተው ግድግዳ ተፍቆ እንዲቀባ እንጠይቃለን። ኮርኒሱ ከጣሪያው በፊት እንዳይሠራ አደራ እንላለን፤ እርጥበቱን ሸፍኖ ከማቆየት በስተቀር ጥቅም የለውምና።

ኪራዩን በተመለከተ፣ በውላችን አንቀጽ 8 መሠረት የጣሪያ፣ የግድግዳና የዋና መስመሮች ጥገና የአከራይ ግዴታ ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አከራይ ያከራየውን ቤት በደኅና ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የውላችን አንቀጽ 11 ደግሞ የቤቱ ከፊል በተከራዩ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ከአገልግሎት ውጪ ከሆነ ኪራዩ በዚያው መጠን እንደሚቀነስ ይገልጻል። የምንጠይቀው የቅናሽ መጠንም ከዚህ የተነሣ ነው። ትልቁ የሥራ ክፍል 34 ካሬ ሜትር፣ የሰነድ ክፍሉ 14 ካሬ ሜትር በመሆናቸው በድምሩ 48 ካሬ ሜትር ወይም የቢሮው 40 በመቶ ተዘግቷል። ወርኃዊ ኪራያችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 78,000 ብር ስለሆነ የቀኑ 2,600 ብር፣ የተዘጋው ክፍል ድርሻ ደግሞ በቀን 1,040 ብር ይሆናል። ከሐምሌ 21 እስከ ዛሬ ነሐሴ 12 ድረስ ያሉት 22 ቀናት 22,880 ብር ይደርሳሉ፤ ክፍሎቹ እስከ ነሐሴ 30 ተዘግተው ከቆዩ 41,600 ብር ይሆናል። የጳጉሜን ቀናት ኪራይ ስለማይከፈልባቸው በዚህ ስሌትም ውስጥ አይገቡም። ከሐምሌ 3 እስከ 20 የነበሩትን ቀናት፣ ምንም እንኳ የሰነድ ክፍሉን በሚገባ ባንጠቀምበትም፣ ሥራው በመጓተቱ የተፈጠረውን የእርስዎንም ችግር ግምት ውስጥ አስገብተን አልቆጠርናቸውም። ለጥገናው ሲባል ቢሮው በሙሉ መዘጋት ካለበት ግን ለእነዚያ ቀናት ሙሉ ኪራዩ እንዲቀነስልን እንጠይቃለን።

የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ኪራይ አስቀድሞ የተከፈለ በመሆኑ ገንዘቡ እንዲመለስልን አንጠይቅም። መስከረም 25 ከምንከፍለው የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ኪራይ ማለትም ከ234,000 ብር ላይ ተቀንሶ፣ ደረሰኙም ታክሱን ጨምሮ በተስተካከለው መጠን እንዲቆረጥልን ብቻ ነው የምንፈልገው። ቅናሹ ሁለቱ ክፍሎች ደርቀውና መብራታቸው በርቶ በጽሑፍ ርክክብ እስከሚደረግ ቀን ድረስ ይቀጥላል።

ምናልባት ሠራተኛ ፈልጎ ማሠራቱ በዚህ ወቅት የማይመችዎ ከሆነ፣ እኛ ከሦስት ባለሙያዎች ፕሮፎርማ ሰብስበን ልናቀርብልዎ፣ እርስዎ በመረጡት እንድናሠራና ወጪው ከሚቀጥለው ኪራይ እንዲቀነስ ለመስማማት ዝግጁ ነን። የጣሪያው መውጫ ቁልፍ በተቆጣጣሪው እጅ ስለሆነ ያለ እርስዎ ፈቃድ ምንም ሥራ አንጀምርም። በየትኛውም ቀን፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ መጥተው በዓይንዎ ቢያዩልን ደስ ይለናል፤ ቢሮውን ከፍተን እንጠብቅዎታለን።

ጊዜያዊው ሥራ የሚሠራበትን ቀንና ስለ ኪራዩ ማስተካከያ ያለዎትን ውሳኔ እስከ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን። በስሌቱ ወይም በጥገናው ዝርዝር ላይ የማይስማሙበት ነገር ካለ ቁጭ ብለን ለመነጋገር ፈቃደኞች ነን፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚዘንበው ዝናብ ጊዜ ስለማይሰጠን የአሸንዳው ጠረጋና የሸራው ሥራ ውይይቱን ሳይጠብቅ እንዲፈጸም በድጋሚ እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር
ሂሩት አለማየሁ
የሂሳብ ሥራና የግብር ማማከር ቢሮው ሥራ አስኪያጅ

አባሪ፡- ከሐምሌ 3 እስከ ነሐሴ 11 የተነሱ ፎቶግራፎች፣ የግንባታና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎቹ የጽሑፍ አስተያየት፣ የተዘጉትን ክፍሎች የሚያሳይ የቢሮው ፕላን፣ የኪራይ ውሉ ቅጂ

ግልባጭ፡- ለሕንፃው ተቆጣጣሪ