ጉዳዩ፡- ያለፉ ዓመታት የኦፕሬቲንግ ሲስተም ፈተና ጥያቄዎችን በየሳምንቱ በቪዲዮ ጥሪ አብረን ስለ መሥራት

ውድ የጥናት ቡድናችን አባላት፣

ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ማጠቃለያ ፈተና ሊደርስ ስምንት ሳምንታት ብቻ ቀርተውታል። እኔ ትምህርቱን በውጭ አገር ሆኜ በርቀት የምከታተል በመሆኔ፣ እናንተ ተሰብስባችሁ የሠራችኋቸውን ጥያቄዎች ፎቶ እያነሳችሁ ስለምትልኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ይሁንና ፎቶው የደረሳችሁበትን መልስ እንጂ እዚያ ለመድረስ ያደረጋችሁትን ክርክር አያሳየኝም፤ ለፈተናው የሚያዘጋጀን ደግሞ በዋናነት ክርክሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን በቪዲዮ ጥሪ አብረን እንድንሠራ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሐሳቤ ለእኔ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ ምክንያቴን በምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ፕሮሰሶች አሉ እንበል፤ አንደኛው በ0 ደርሶ 4 የጊዜ አሃድ የሚሠራ፣ ሁለተኛው በ2 ደርሶ 3 አሃድ የሚሠራ። ስኬጁለሩ ራውንድ ሮቢን፣ ኳንተሙም 2 ነው። አማካይ የመጠበቂያ ጊዜው ስንት ነው? በ2ኛው ቅጽበት አንደኛው ፕሮሰስ ድርሻውን ይጨርሳል፤ ሁለተኛውም የሚደርሰው ልክ በዚያችው ቅጽበት ነው። አዲስ የደረሰው ቀድሞ ሰልፍ ይገባል ብለን ከወሰድን ሁለቱም ሁለት ሁለት አሃድ ይጠብቃሉ፣ አማካዩም 2 ይሆናል። ከሲፒዩ የወረደው ቀድሞ ይሰለፋል ብለን ከወሰድን ግን አንደኛው ያለ ምንም መጠበቅ ሥራውን ይጨርሳል፣ ሁለተኛው 2 ይጠብቃል፣ አማካዩም 1 ይሆናል። የጋንት ሠንጠረዡ በሁለቱም አካሄድ በትክክል ሊሣል ይችላል፤ ነገር ግን የወሰደውን መነሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልጻፈ ተማሪ ነጥብ ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር ከመልስ ወረቀት ላይ ማየት አስቸጋሪ ነው። ሁለት ሰዎች የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲገናኙና «አንተ እንዴት 1 አገኘህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወዲያው ይወጣል።

በዚህ ምክንያት አንድ ነገር ላይ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ማንም ሰው ጥያቄውን ብቻውን በወረቀት ሳይሞክር ወደ ጥሪው እንዳይገባ። የሳምንቱ ጥያቄዎች ሦስት ወይም አራት ሆነው ከጥሪው ሦስት ቀን አስቀድሞ ይላካሉ፤ እያንዳንዳችንም የሠራነውን፣ ያልጨረስነውንም ቢሆን፣ ፎቶ አንስተን ጥሪው ከመጀመሩ በፊት በጋራ ፎልደራችን ውስጥ እናስቀምጣለን። በጥሪው ላይ ከመካከላችን አንዱ በተራው መሪ ይሆናል። የመሪው ሥራ ማስተማር ሳይሆን መልሶቹ የተለያዩበትን ቦታ አስቀድሞ ለይቶ ውይይቱን እዚያ ላይ ማቆየት ነው። ሁላችንም በተስማማንበት ጥያቄ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልገንም፤ ባልተስማማንበት ላይ ግን አርባ ደቂቃ ቢወስድብንም አልቆጭም።

በይዘቱ በኩል ከፕሮሰስና ከትሬድ ተነሥተን ወደ ስኬጁሊንግ፣ ከዚያ ወደ ሲንክሮናይዜሽንና ዴድሎክ፣ በመጨረሻም ወደ ሜሞሪ ብንሄድ ጥሩ ይመስለኛል። የፋይል ሲስተምና የዲስክ ስኬጁሊንግ ጥያቄዎች በአብዛኛው ሥርዓታቸውን ለያዘ ሰው ቀጥተኛ ስሌት ስለሆኑ አንድ ሳምንት ይበቃቸዋል። ሲንክሮናይዜሽን ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይገባዋል። ለምሳሌ ቋሚ መጠን ባለው በፈር ላይ ዕቃ የሚያስቀምጠው ፕሮሰስ የሚከተለውን ይመስላል፦

```
wait(empty);
wait(mutex);
put(item);
signal(mutex);
signal(full);
```

«የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ቦታ ቢለዋወጡ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ «ዴድሎክ ይፈጠራል» ብሎ መመለስ ግማሽ መልስ ነው። ሙሉው መልስ ሁኔታውን ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ በፈሩ ሞልቶ ሳለ አስቀማጩ ሚውቴክሱን ይዞ ባዶ ቦታ እስኪገኝ ይተኛል፣ ባዶ ቦታ ሊፈጥርለት የሚችለው ወሳጁ ደግሞ ያንኑ ሚውቴክስ እየጠበቀ ይቆማል። «የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮችስ ቢለዋወጡ?» ሲባል መልሱ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሲግናል ማንንም ስለማያስተኛ ዴድሎክ አይፈጠርም፤ ቢበዛ ወሳጁ ነቅቶ ሚውቴክሱ እስኪለቀቅ ለጥቂት ጊዜ ይጠብቃል። ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን ያልሠራ ሰው «ቅደም ተከተሉ ከተቃወሰ ዴድሎክ ነው» የሚል ጥቅል ሕግ ይዞ ፈተና ይገባል፣ ሕጉም በሁለተኛው ላይ ያሳስተዋል።

በባንከርስ አልጎሪዝም ላይም ተመሳሳይ አደጋ አለ። 10 አሃድ ያለው አንድ ሪሶርስ ቢኖርና ሦስት ፕሮሰሶች 4፣ 2 እና 2 ይዘው ከፍተኛ ፍላጎታቸው በቅደም ተከተል 8፣ 5 እና 7 ቢሆን፣ የቀረው 2 ለማንኛቸውም ቀሪ ፍላጎት አይበቃም፤ ስለዚህ ሁኔታው ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ነው። ይሁን እንጂ ዴድሎክ ውስጥ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ከመካከላቸው አንዱ ከፍተኛ ፍላጎቱን ሳይጠይቅ ሊጨርስ ወይም የያዘውን ቀድሞ ሊለቅ ይችላልና። ይህን ልዩነት በራሳችን አንደበት እርስ በርስ ማስረዳት ከቻልን በፈተና ወረቀት ላይ መጻፉ አይከብደንም።

ሜሞሪን በተመለከተ በጥሪው ላይ አብረን እንድንሠራው የምመኘው አንድ ጥያቄ አለ፤ በ1969 ቤላዲና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ግኝት ነው። የፔጆቹ ቅደም ተከተል 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 1፣ 2፣ 5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ሲሆን፣ በፊፎ በ3 ፍሬም 9 ፔጅ ፎልት፣ በ4 ፍሬም ደግሞ 10 ፔጅ ፎልት ይመጣል። ሜሞሪ ተጨምሮ ፎልቱ በዛ ማለት ነው። ይኸው ቅደም ተከተል በኤልአርዩ ሲሠራ ግን በ3 ፍሬም 10፣ በ4 ፍሬም 8 ይሆናል። ሠንጠረዡን መሙላት የሚያስቸግር አይደለም። ከባዱ «ኤልአርዩ ለምን ከዚህ ችግር ነጻ ሆነ?» የሚለው ነው። መልሱም በኤልአርዩ በ3 ፍሬም ውስጥ የሚገኙት ፔጆች በማንኛውም ቅጽበት በ4 ፍሬም ውስጥ ከሚገኙት መካከል መሆናቸው ነው፤ በፊፎ ይህ ዝምድና ይፈርሳል። በተጠቀሰው ምሳሌ ላይ የሚፈርስበትን ቅጽበት በስክሪን ላይ በጣታችን እያሳየን ብናገኘው ደስታው የሁላችንም ይሆናል።

የአድራሻ ትርጉም ጥያቄዎችን ግን እየተፋጠንን ልንሠራቸው እንችላለን። የፔጅ መጠን 4096 ባይት ሲሆን ቨርቹዋል አድራሻ 13000 በፔጅ 3 ላይ ኦፍሴት 712 ነው፤ ፔጅ 3 በፍሬም 7 ካለ አካላዊ አድራሻው 29384 ይሆናል። ይህን በሁለት ደቂቃ የመጨረስ ልምድ ካዳበርን በፈተናው ዕለት ለከባዶቹ ጥያቄዎች ጊዜ እናተርፋለን።

ለመጀመሪያው ሳምንት የመሪነቱን ተራ እኔ ልውሰድ፤ የማቀርበውም የፎርክ ጥያቄዎችን ነው። ሦስት ፎርክ በተከታታይ ሲጠሩ ከመነሻው ጋር 8 ፕሮሰስ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እስከ ጥሪው ድረስ ግን የሚከተለውን ኮምፒውተር ሳትነኩ በወረቀት ሞክሩት፦

```
printf("A");
fork();
return 0;
```

«A» ስንት ጊዜ ይታተማል? ከ«A» ቀጥሎ `\n` ቢጨመርና ውጤቱ ወደ ተርሚናል ቢሄድስ? ወደ ፋይል ቢላክስ? መልሳችሁን ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ኑ፤ ፕሮግራሙን በጥሪው ላይ አብረን አስኪደን እናየዋለን።

የጥያቄ ወረቀቶቹን በተመለከተ፣ የምንጠቀመው የትምህርት ክፍሉ ራሱ ለተማሪዎች ይፋ ያደረጋቸውን ብቻ ይሁን። ከየት እንደ መጡ የማይታወቁ ወረቀቶች ቢደርሱን እንተዋቸው፤ ፍትሐዊ አይደሉም፣ በዚያ ላይ ስሕተት የሞላባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የሥርዓተ ትምህርቱ ይዘት ሊለወጥ ስለሚችልም ከቅርብ ዓመታት ጀምረን ወደ ኋላ እንሂድ። የመጨረሻውን ዓመት ፈተና ግን ማናችንም አስቀድመን ሳንከፍተው ለስምንተኛው ሳምንት እናቆየው፤ በትክክለኛው የፈተና ሰዓት ልክ፣ ማይክራፎን ዘግተን፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን እንሠራዋለን።

የኢንተርኔት መስመር ለሁሉም እኩል እንደማይሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ካሜራ መክፈት ግዴታ አይሁን፤ የመሪው ስክሪንና የሁላችን ድምፅ ይበቃል። መሪው የሚጽፍበት ገጽ በጋራ ፎልደሩ ስለሚሆን መስመሩ የተቋረጠበት ሰው የደረስንበትን ከዚያ አይቶ መቀጠል ይችላል። ጥሪውን መቅዳት የምንችለው ግን ሁላችንም ከተስማማን ብቻ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ካልፈለገ የጽሑፍ ማስታወሻው ይብቃን። አንዳንዱ ሰው እየተቀዳ መሆኑን ሲያውቅ ያልገባውን ለመጠየቅ ይሳቀቃል፣ ያ ደግሞ የመገናኘታችንን ዓላማ ያጠፋዋል።

ለጊዜው የታየኝ ቀን ቅዳሜ በእናንተ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ በእኔ በኩል ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን ይመቸኛል። እኔ ያለሁበት አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን የሚያዞር በመሆኑ ቀጠሮው ምን ጊዜም በእናንተ ሰዓት ይቆጠር፤ የማስተካከሉ ኃላፊነት የእኔ ነው። ሌላ ቀን የሚሻላችሁ ከሆነም፣ ማታ ዘግይቶም ይሁን ማለዳ፣ ራሴን አመቻቻለሁ።

እስከ ረቡዕ ማታ ድረስ ሦስት ነገር እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ ቀኑና ሰዓቱ ይስማማችሁ እንደሆነ፣ መቅዳቱን ትፈቅዱ እንደሆነ፣ እንዲሁም መምራት የምትፈልጉት ርእስ የትኛው እንደሆነ። የጥሪውን ሊንክና የመጀመሪያውን ሳምንት ቀሪ ጥያቄዎች መልሳችሁ እንደ ደረሰኝ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሰላማዊት