አቤላ፣ እግዜር ይማርህ!

አቤላ ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ! ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ ሲሉኝ እፎይ አልኩ። ማታ ልደውል ብዬ ነበር፤ ሲስቅ ስፌቱ ይጎትተዋል ስላሉኝ ተውኩት። ይችን ቀስ እያልክ አንብብ፣ ሳቅ ከመጣብህ ትራስ ሆድህ ላይ ያዝ አድርግ።

እማማ አጥሚት በላይ በላዩ እያስጨለጡህ ነው አሉ። ጠጣ እንግዲህ፣ ምን አማራጭ አለህ! ጠያቂው ሁሉ የሚያመጣውን ብርቱካን ግን አታስብ፤ ቅዳሜ መጥቼ እጨርስልሃለሁ። አክስትህ ፌጦና ዳማከሴ ይዘው ከመጡ «ሐኪሙ ከልክሎኛል» በላቸው። (እኔ ነኝ ያልኩህ እንዳትል፣ አደራ።)

ከረንቡላ ቤት ሚኪ አንተ የለህም ብሎ ነግሦልሃል። የሚያሸንፈው እኛን መሆኑን ረስቶ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፤ እስቲ አንተ አንድ ቀን ብቅ ስትል እናየዋለን። ስቴካህን ደብቄልሃለሁ፣ ማንም አይነካትም። ለጊዜው ጎንበስ ማለት ባይፈቀድልህም ወንበር ይዘህ ነጥብ ትመዘግባለህ፤ መቼም ለእኔ ቡድን መጨመርህ አይቀርም።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካለህ ደውል። በስንትም ሰዓት ቢሆን አነሳለሁ።

ያንተው ዳዊት