ከጥቅምት 1 ወደ ኋላ፦ የቤዛ የቺካጎ ማራቶን የ16 ሳምንት ፕሮግራም

ቤዛዬ፣

ትናንት በስልክ «ከሰኞ ጀምሬ ልሩጥ» ስትዪኝ ዝም ያልኩሽ ቀኑን ሳልቆጥር መልስ መስጠት ስላልፈለግኩ ነው። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ካላንደሩን ዘርግቼ ቆጠርኩ። የምትጀምሪው ነገ አይደለም። «አራት ወር አይደል? ጁን 11 ነዋ» ያልሽውም አይደለም። የምትጀምሪው ሰኞ ጁን 22 ነው፤ በእኛ ሰኔ 15 ቀን 2018።

እንዴት እንደመጣ ላሳይሽ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ራስሽ እንድትሠሪው። ውድድሩ እሁድ ኦክቶበር 11 ቀን 2026 ነው። ሳምንታችን ሰኞ ገብቶ እሁድ ይወጣል። ስለዚህ ውድድሩ ያለበት ሳምንት ራሱ 16ኛው ነው፤ ሰኞው ኦክቶበር 5 ላይ ይውላል። ከዚያ ሰኞ ወደ ኋላ የምንቆጥረው 15 ሳምንት እንጂ 16 አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 15 ሳምንት 105 ቀን ነው፣ ከኦክቶበር 5 ላይ ሲቀነስ ጁን 22። «አራት ወር» ስትዪ ግን 122 ቀን ቆጥረሻል፤ 16 ሳምንት 112 ቀን ብቻ ነው። ካላመንሽኝ ኤክሴል ላይ ይህን ጻፊ፦

```
=DATE(2026,10,11)-111
```

ከ112 ፈንታ 111 የሆነው የውድድሩ ቀን ራሱ ስለሚቆጠር ነው።

በእኛ አቆጣጠርም ሞከርኩት። ውድድሩ ጥቅምት 1 ላይ መዋሉ ደስ አለኝ። ከሰኔ 15 እስከ 30 አሥራ ስድስት ቀን፣ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 1 ቀን። ድምሩ 112። ጳጉሜንን የረሳ ሰኔ 10 ላይ ይነሳና አምስት ቀን ቀድሞ ይጀምራል፤ እማማ ብትቆጥርልሽ ኖሮ መቼም አትረሳትም ነበር።

ወደ ኋላ መቁጠሩን እንደ ቀልድ አትዪው። እኔ የመጀመሪያዬን ማራቶን ስሮጥ ወደ ፊት ነበር የቆጠርኩት። መሀል ላይ ጉንፋን አስተኛኝ፣ ሥራ በዛ፣ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። ፕሮግራሙን እንዳለ ወደ ፊት ገፋሁትና ቀጠልኩ። ትልቁ 32 ኪሎ ሜትር ውድድሩ ስምንት ቀን ሲቀረው ወደቀ። እግሬ ሳያገግም መነሻው ላይ ቆምኩ፤ ከ34ኛው ኪሎ ሜትር ጀምሮ የእግር ጉዞ ሆነ። ስለዚህ ያንቺ ቀኖች ከውድድሩ በኩል ተቸንክረዋል። ያመለጠ ሳምንት ይዘለላል እንጂ አይገፋም።

ሌላው፣ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ያደረግኩት እሁድ ቅዳሴ ስላለሽ ብቻ አይደለም። ፍልሰታ መሀል ላይ ይገባል። ቅዳሜና እሁድ ጾሙ ከምግቡ ዓይነት እንጂ ከእህል ከውኃ ስለማይከለክል፣ ጠዋት ሙዝና ተምር በልተሽ ውኃ ይዘሽ መውጣት ትችያለሽ። በሥራ ቀን ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምሺ በሜሪላንድ የነሐሴ ሙቀት ሩጫ የለም። ቀላሉን ሩጫ ከጾም ከወጣሽ በኋላ፣ ማታ አድርጊው፤ በቀረውስ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እኔ የሩጫውን ነው የማውቀው።

የሳምንቱ መልክ ይህ ነው፦ ሰኞ ዕረፍት፣ ማክሰኞ ቀላል፣ ረቡዕ ጠንከር ያለ ሩጫ፣ ሐሙስ ቀላል፣ ዓርብ ዕረፍት፣ ቅዳሜ ረጅም፣ እሁድ ዕረፍት። የሌሊት ተረኛ በሆንሽበት ሳምንት የረቡዑን ጣዪው፤ ቅዳሜን ብቻ አትንኪ። ፍጥነትሽን ከግማሽ ማራቶንሽ ነው ያወጣሁት። 2:10 ሮጠሻል፤ እጥፉ 4:20፣ ላዩ ላይ ሩብ ሰዓት ጨምሪ፣ 4:35 ገደማ። በኪሎ ሜትር 6:30 ማለት ነው፤ በማይል 10:28። ረጅሙን ሩጫ ግን በ7:10 እና በ7:30 መካከል ሩጪ። እየሮጥሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል።

አሁን ከመጨረሻው እንጀምር።

16ኛ ሳምንት፣ ከኦክቶበር 5 እስከ 11። ማክሰኞ 6 ኪሎ ሜትር፣ ከውስጡ 3ቱ በውድድር ፍጥነት። ሐሙስ 4። ዓርብ በረራ። የደረት ቁጥርሽን እስከ ቅዳሜ ካልወሰድሽ በውድድሩ ቀን የሚሰጥ የለም፤ ስለዚህ ዓርቡኑ ማኮርሚክ ፕሌስ ሂጂና ጨርሺው፣ ቅዳሜ እግርሽን ሰቅለሽ ተቀመጪ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ኪሎ ሜትር ማፍታቻ ብቻ። ከሐሙስ ጀምሮ ሩዝ፣ ፓስታና ድንች አብዢ፤ ሽሮና ምስር ቅዳሜ ይቅርብሽ፣ ሆድሽ ውስጥ ሌላ ውድድር እንዳይጀመር። የቺካጎ ሰዓት ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ይህ ላንቺ ጥቅም ነው፣ በማለዳ መንቃቱ ይቀልሻል። እሁድ ከግራንት ፓርክ ተነስተሽ እዚያው ትመለሻለሽ። መንገዱ ዝርግ ነው። ፎቆቹ መሀል የእጅ ሰዓትሽ ይዋሻል፤ ርቀቱን ከእሱ አትመኚ፣ በየማይሉ ምልክት ራስሽ ላፑን ተጫኚ። ሊያልቅ ሲል ሩዝቬልት መንገድ ላይ አጭር ዳገት አለች፤ ሌላ ጊዜ ዳገት አትባልም፣ ያን ጊዜ ግን እንጦጦ ትመስልሻለች። በዚህ ከተማ በ2012 አፀደ ባይሳ በአንዲት ሰከንድ ልዩነት አሸንፋለች። አንቺ የምታሸንፊው ሰው የለም፤ ዳገቷን ሳትቆሚ ውጫት፣ ይበቃል።

15ኛ፣ ከሴፕቴምበር 28 እስከ ኦክቶበር 4። ቅዳሜ 13፣ የሳምንቱ ድምር 28። እግርሽ ከባድ ይመስልሻል፣ ያላመመሽ ቦታ ያምሻል፣ «ብቃቴ ጠፋ» ብለሽ ትደውይልኛለሽ። አልጠፋም። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት የምትጨምሪው ጉልበት የለም፤ ልታጠፊው ግን ትችያለሽ።

14ኛ፣ ከሴፕቴምበር 21 እስከ 27። ቅዳሜ 20፣ ድምር 41። ቅዳሜው ደመራ ነው፣ እሁዱ መስቀል። ጠዋት ሩጪና ማታ ደመራው ጋ ቁሚ፤ ብዙ አትጨፍሪ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ።

13ኛ፣ ከሴፕቴምበር 14 እስከ 20። ጫፉ ይህ ነው። ቅዳሜ ሴፕቴምበር 19፣ 32 ኪሎ ሜትር፤ ከውድድሩ 22 ቀን በፊት። ፕሮግራሙን ስሠራ ከውድድሩ ቀን ቀጥሎ የተከልኩት ይህን ቀን ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ዙሪያ የተሰደረ ነው። ማክሰኞ 8፣ ረቡዕ 10፣ ሐሙስ 6፤ ድምር 56። የውድድሩን ጫማ፣ የውድድሩን ካልሲ፣ የውድድሩን ቁርስ፣ ሁሉንም አድርጊ። የቅዳሜ ተረኝነትሽን ከአሁኑ ከሰው ጋር ተቀያየሪ።

12ኛ፣ ከሴፕቴምበር 7 እስከ 13። ዓርብ እንቁጣጣሽ ነው። ቅዳሜ 20 ብቻ፣ ድምር 41። ይህን ሳምንት ያቀለልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በዓል ባከበርሽ ማግስት 30 ኪሎ ሜትር አይታሰብም፣ ለ32ቱም እግርሽ ማረፍ አለበት።

11ኛ፣ ከኦገስት 31 እስከ ሴፕቴምበር 6። ቅዳሜ 29፣ ድምር 53። ረቡዕ 12፣ ከውስጡ 8ቱ በ6:30።

10ኛ፣ ከኦገስት 24 እስከ 30። ቅዳሜ 26፣ ድምር 49። የውድድሩን ጫማ አሁን ግዢ፤ ከዚህ ከዘገየ ቺካጎ ላይ እግርሽን ይልጠዋል።

9ኛ፣ ከኦገስት 17 እስከ 23። ቅዳሜ ነሐሴ 16 ላይ ይውላል፤ ፍልሰታ ይፈታል። 24 ኪሎ ሜትር፣ ድምር 46። ሌሊቱን ቅዳሴ ካደርሽ ሩጫው እሁድ ማታ ይሁን፣ ፀሐይ ስትበርድ። ጄል መልመድ የምትጀምሪው ከዚህ ሩጫ ነው፤ በየ40 ደቂቃው አንድ፣ ከውኃ ጋር።

8ኛ፣ ከኦገስት 10 እስከ 16። ሙሉ በሙሉ ጾም ነው። ቅዳሜ 14፣ ድምር 32፣ ረቡዕም ቀላል ሩጫ ብቻ። ወደ ኋላ ስቆጥር ማቅለያው ሳምንት እዚህ ወደቀ፤ እኔ እንኳ አላቀድኩትም ነበር።

7ኛ፣ ከኦገስት 3 እስከ 9። ቅዳሜ 22፣ ድምር 43። ጾሙ ዓርብ ይገባል።

6ኛ፣ ከጁላይ 27። ቅዳሜ 20፣ ድምር 41።

5ኛ፣ ከጁላይ 20። ቅዳሜ 18፣ ድምር 38። ረቡዕ ፋርትሌክ፦ 2 ደቂቃ ፈጠን፣ 2 ደቂቃ ዘና፣ ስምንት ጊዜ። እስከ 7ኛው ሳምንት ረቡዕ ይኸው ነው።

4ኛ፣ ከጁላይ 13። ማቅለያ። ቅዳሜ 12፣ ድምር 30።

3ኛ፣ ከጁላይ 6 እስከ 12። ቅዳሜ 16፣ ድምር 36። የሰኔ ጾም እሁድ ሐምሌ 5 ይፈታል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት በሙሉ በጾም ምግብ ነው የምትሮጪው። ጣጣ የለውም፣ ሩጫው ገና አጭር ነው። ብቻ ምስሩን፣ ሽንብራውንና ተልባውን አብዢ፣ በዳቦና በሻይ አትዋዪ።

2ኛ፣ ከጁን 29። ቅዳሜ 14፣ ድምር 33። ቅዳሜው ጁላይ 4 ነው፤ ርችቱን አምሽተሽ ካየሽ በኋላ ሳይሆን ጠዋት ሩጪ።

1ኛ፣ ከጁን 22። ቅዳሜ 12፣ ሌሎቹ ሦስት ቀናት 6፣ 6፣ 6፤ ድምር 30። ይህ አሁን በሳምንት የምትሮጪው ነው። ለዚህ ነው ነገ አትጀምሪ ያልኩሽ። ከነገ እስከ ጁን 22 ስድስት ሳምንት አለ፤ ያንን ጊዜ በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ጸንተሽ ቆዪበት፣ አትጨምሪ፣ ፍጥነት አትሞክሪ፣ የጉልበትሽን ነገር ሐኪም ያየው። ነገ ከጀመርሽ ፕሮግራሙ 22 ሳምንት ይሆናል፤ አንቺን ደግሞ አውቅሻለሁ፣ በኦገስት ይሰለችሻል።

ሰኞ ጁን 22 ዕረፍት ስለሆነ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ቀን ምንም አትሮጪም፤ እንዳትስቂብኝ። ማክሰኞ ከንጋቱ 11 ሰዓት ስላይጎ ክሪክ መንገድ መግቢያው ጋ እጠብቅሻለሁ፣ ውኃውን እኔ እይዛለሁ።

ያጎትሽ ልጅ
ግንቦት 2 ቀን 2018
ሲልቨር ስፕሪንግ