ቅጹ የሚፈረመው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ነው፦ ስለ ተዋናይና ስለ ቀረጻ ቦታ የፈቃድ ቅጾች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጭር ፊልም ስንሠራ ለቀረጻ የመረጥነው ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው በደስታ ተቀበለን፤ ቅጹንም ሳያመነታ ፈረመልን። ሁለት ቀን ቀረጽን። የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ለትዕይንቱ ሌላ ቀለም ቀብተን፣ ስንጨርስ ወደ ነበረበት መልሰን፣ ተመሰጋግነን ተለያየን። ፊልሙ አልቆ አንድ አከፋፋይ ሊወስደው ሲል የቀረጻ ቦታዎቹን ሰነድ ጠየቀ። የፈረመልን ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት አለመሆኑን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። የቤቱ ባለቤት የሆኑት ሴት በሌላ አገር ይኖሩ ነበር። አፈላልጎ ለማግኘት፣ ጉዳዩን ለማስረዳትና ለማስፈረም ሦስት ወር ፈጀብን። ሴትየዋ ቅን ሰው ሆነው ፈረሙልን፤ አከፋፋዩ ግን ለእኛ ይዞት የነበረውን ጊዜ ለሌላ ፊልም ሰጥቶታል።

ጥፋቱ የተከራዩ አልነበረም። እኛ አልጠየቅነውም።

የፈቃድ ቅጽ ሁለት ነገር የያዘ አጭር ውል ነው። በአንድ በኩል ፈራሚው ምስሉን፣ ድምፁን ወይም ንብረቱን በፊልሙ ውስጥ እንድትጠቀሙበት ይፈቅዳል፤ በሌላ በኩል በፈቀደው ልክ እስከ ተጠቀማችሁበት ድረስ ኋላ ተነሥቶ እንደማይከሳችሁ ይስማማል። በቀረጻው ዕለት ያለ ቅጽ ሥራው አይቆምም፤ ብዙ ጀማሪዎች ችላ የሚሉትም ለዚህ ነው። ቅጹ የሚፈለገው ፊልሙ ከእጃችሁ ሲወጣ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያም ሆነ አከፋፋይ የመብቶቹን ሰንሰለት ከጽሑፉ ደራሲ ጀምሮ እስከ መጨረሻው አጃቢ ተዋናይ ድረስ ማየት ይፈልጋል። ፊልሙ የሰው ስም አጥፍቷል ወይም የሰው መብት ነክቷል ተብሎ ቢከሰስ የሚሸፍነው የስሕተትና የግድፈት መድን ሲገዛም መድን ሰጪው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነዚህኑ ወረቀቶች ነው።

ከተዋናዩ ልጀምር። የተዋናይ ፈቃድ የሚሸፍነው መልክን፣ ድምፅን፣ ስምንና ትወናውን ራሱን ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። ተዋናይ በሠራው ትወና ላይ የራሱ መብት አለው። በ2012 ቤጂንግ ላይ የተፈረመውና በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህን መብት በምስልና ድምፅ ለተቀረጸ ትወና አጽንቶታል። ተዋናዩ መቀረጹን በመፍቀዱ ብቻ መብቱ ወደ ፕሮዲዩሰሩ ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም የሚለውን ግን ለየአገሩ ሕግ ትቶታል፤ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን የሚል አገርም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «እሺ ብሎ ካሜራ ፊት ቆሟል» የሚለው ማስረጃ በአንዱ አገር ቢበቃ በሌላው ላይበቃ ይችላል። ፊልም ድንበር ይሻገራልና በጽሑፍ መያዝ ይሻላል።

እኔ ለአንድ የ15 ደቂቃ ፊልም ለአጃቢ ተዋንያን ያዘጋጀሁት ቅጽ ዋናው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦

«በዚህ ፊልም ውስጥ በትዕይንት 4 እና 7 እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ሆኜ ስሠራ የተቀረጸውን ምስሌን፣ ድምፄንና ትወናዬን ፕሮዲዩሰሩ በፊልሙ፣ በፊልሙ ማስተዋወቂያ ቅንጭቦችና በፖስተሩ ላይ፣ በማንኛውም የማሳያ ዘዴ፣ በየትኛውም አገር፣ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲጠቀምበት ፈቅጃለሁ። ፕሮዲዩሰሩ ቀረጻውን ማሳጠር፣ ማቀናበርና ወደ ሌላ ቋንቋ መመለስ ይችላል። ምስሌን በፊልሙ የማስገባት ግዴታ የለበትም። ምስሌ ከዚህ ፊልም ውጭ ለማንኛውም ሸቀጥ ወይም አገልግሎት ማስታወቂያ አይውልም። ለሁለት የቀረጻ ቀናት የተስማማሁበትን ክፍያ ተቀብያለሁ። ይህ ስምምነት ወራሾቼንና ፕሮዲዩሰሩ መብቱን የሚያስተላልፍላቸውን ሁሉ ያስገድዳል።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ጠብ ያስቀራል። «በማንኛውም የማሳያ ዘዴ» ባይል፣ ለሲኒማ ቤት የተፈቀደው ፊልም በኢንተርኔት ሲወጣ አዲስ ድርድር ይከፈታል። «የማስገባት ግዴታ የለበትም» ባይል፣ ኤዲተሩ የቆረጠው ሰው ቅሬታ ያነሣል። «ወራሾቼንና» የሚለው ተዋናዩ ካረፈ በኋላ ፊልሙ እንዳይታገድ ነው፤ «መብቱን የሚያስተላልፍላቸውን» የሚለው ደግሞ ፊልሙን መሸጥ እንዲቻል ነው፤ ያለ እርሱ ፈቃዱ ለእናንተ ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የማስታወቂያውን ገደብ ብዙ ሰዎች በቅጻቸው አያስገቡም። እኔ ሁልጊዜ አስገባዋለሁ፤ አንድ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ መቀረጹ ፊቱን ለሳሙና መሸጫ ሰጠ ማለት አይደለም።

ዋና ተዋንያን ግን በዚህ ቅጽ ብቻ አይያዙም። የሥራ ሰዓታቸው፣ ክፍያቸው፣ ስማቸው በፊልሙ የሚወጣበት ቦታ፣ ለድጋሚ ቀረጻ የመመለስ ግዴታቸው፣ ይህ ሁሉ ሙሉ ውል ይፈልጋል። ባለሁለት ገጽ ቅጽ ለመሪ ተዋናይ አስፈርሞ ተገላገልሁ ማለት ለሁለቱም ወገን በደል ነው።

ማን ይፈርም? የሚናገር ሁሉ፣ ካሜራው የሚያተኩርበት ሁሉ፣ ቃለ መጠይቅ የሚሰጥ ሁሉ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ራሱ ቢፈርም አይበቃም፤ ወላጁ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊው ይፈርማል። አክስት ወይም ልጁን ይዞ የመጣ ጎረቤት አይተካቸውም። በሕዝብ መንገድ ሲያልፍ ከሩቅ የታየና ማንነቱ የማይለይ ሰው ባብዛኛው ማስፈረም አያስፈልገውም። ብዙ ሰው በሚገባበት አዳራሽ ስትቀርጹ በየመግቢያው በጉልህ የተጻፈ ማስታወቂያ ስቀሉ፦ ቀረጻ እንዳለ፣ ለምን ፊልም እንደሆነ፣ መቀረጽ የማይፈልግ የት እንደሚቀመጥ የሚናገር። ማስታወቂያውንም ተሰቅሎ ሳለ ቅረጹት፤ ኋላ ማስረጃ የሚሆነው ያ ምስል ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ልጨምር። አላፊ አግዳሚ መሆን ብቻውን ሰውን ከጉዳት አያድነውም። አንድ ዘጋቢ ፊልም ስለ ማጭበርበር ሲተርክ ከባንክ የሚወጣ አንድ የማይታወቅ ሰውን ምስል ከትረካው ስር ቢያስገባ፣ ሰውየው መንገድ ላይ በነጻነት የተቀረጸ ቢሆንም፣ ተመልካቹ አጭበርባሪው እርሱ ነው ብሎ ያስባል። ስሙ ጠፋ ማለት ነው። ያን ዓይነት ምስል ስትመርጡ ወይ ፈቃድ ያዙ፣ ወይ ፊት የማይታይበትን ተጠቀሙ።

በዘጋቢ ፊልም ሌላም ችግር አለ። ወረቀት ማውጣት ባለታሪኩን የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ፤ አንዳንዶችም ማንበብ አይችሉም። ካሜራው እየቀረጸ ቅጹ ይነበብላቸው፤ ስማቸውን፣ ቀኑንና መፍቀዳቸውን በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ቢቻል ግን ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይታከልበት። በሐዘን ወይም በሕመም ላይ ያለን ሰው ስቀርጽ እኔ ከቀረጻው በፊት አስፈርሜ፣ ከቀረጻው በኋላ አንድ ሳምንት የማሰቢያ ጊዜ እሰጣለሁ፤ ይህንንም በቅጹ ላይ እጽፈዋለሁ። አንዳንድ ፕሮዲዩሰሮች ይህን እንደ ድካም ያዩታል። እኔ ግን እያለቀሰ የፈረመ ሰው ፊርማ ላይ ፊልም መገንባት አልችልም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለምትቀርጹ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አለ፤ በዚያ ሕግ መሠረት በፈቃደኝነት ብቻ የተሰጠ መረጃ ባለቤቱ ፈቃዱን ሊያነሣ ይችላል። እዚያ የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ ከሌላ አገር የተቀዳ ቅጽ አትጠቀሙ።

የቀረጻ ቦታ ፈቃድ ከመግባት ፈቃድ ይሰፋል። ለዚያው የ15 ደቂቃ ፊልም የቤቱ ባለቤት የፈረሙት ቅጽ ከሞላ ጎደል ይህን ይላል፦

«የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፤ ለመፍቀድም ሥልጣን አለኝ። ፕሮዲዩሰሩና 12 ባልደረቦቹ ከዕቃዎቻቸው ጋር ለሁለት ቀናት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ወደ ሳሎኑ፣ ወደ ማእድ ቤቱና ወደ ግቢው እንዲገቡ ፈቅጃለሁ። የመኝታ ክፍሎቹ አይካተቱም። የቤቱን ውስጥና ውጭ ቀርጸው በፊልሙና በማስተዋወቂያው፣ በማንኛውም የማሳያ ዘዴ፣ በየትኛውም አገር፣ ያለ ጊዜ ገደብ ሊያሳዩት ይችላሉ። በ30 ቀናት ውስጥ ለአንድ ቀን ድጋሚ ቀረጻ ሊመለሱ ይችላሉ። ከቀረጻው በፊት በተነሡት ፎቶግራፎች መሠረት ቦታውን ወደ ነበረበት ይመልሳሉ፤ በእነርሱ የደረሰ ጉዳት ካለ ይከፍላሉ።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እኔን ሦስት ወር ያስከፈለኝ ነው። ቤቱ የብዙ ወራሾች ከሆነ፣ ሱቁ በሥራ አስኪያጅ የሚመራ ከሆነ፣ ሕንፃው የማኅበር ከሆነ፣ «የሚፈርመው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የድጋሚ ቀረጻው ቀን ካልተጻፈ፣ ኤዲተሩ አንድ ምስል እንደጎደለ ሲነግራችሁ እንደገና ለማኝ ትሆናላችሁ። ፎቶግራፎቹም ሁለቱን ወገን ይጠብቃሉ፤ የወለሉን ጭረት እናንተ ናችሁ ያደረጋችሁት ቢባል መልሱ እዚያ ነው።

የመንግሥት ወይም የከተማ አስተዳደር የቀረጻ ፈቃድ ሌላ ነገር ነው። ያ ወረቀት መንገድ ለመዝጋት ወይም በአደባባይ ለመቅረጽ ያስችላል፤ በአደባባዩ ዳር ወዳለው የግል ሱቅ ለመግባት ግን አይበቃም። የሱቁ ባለቤት ፈቃድም መንገዱን አያዘጋም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ግድግዳ ላይ ያለውንም እዩ። የቤቱ ባለቤት የገዛው ሥዕል የእርሱ ንብረት ነው፤ የቅጂ መብቱ ግን ባብዛኛው ሠዓሊው ዘንድ ይቀራል። የቦታ ፈቃዱ ሥዕሉን አይሸፍንም። ከውጭ የሚታዩ ሕንፃዎችም በየአገሩ ሕግ ይለያያሉ። የፓሪሱ አይፍል ማማ ራሱ በነጻ ሊቀረጽ ይችላል፤ የሌሊት መብራቱ ግን ራሱን የቻለ የጥበብ ሥራ ተደርጎ ይጠበቃል፤ ለንግድ የሚውል ምስል ሲሆን ፈቃድ ይጠየቅበታል። ሥዕሉን አውርዱት ወይም የራሳችሁን ስቀሉ፤ ርካሹ መፍትሔ ይህ ነው።

ቅጾቹን ማን ይያዝ? በእኔ ቡድን ሁለተኛዋ ረዳት ዳይሬክተር ናት። ጠዋት ተዋናይ ልብስ ከመቀየሩ በፊት ታስፈርማለች፤ ከቅጹ ራስ ላይ የትዕይንቱን ቁጥር ትጽፋለች፤ ፈራሚውን ቅጹን ይዞ ፎቶግራፍ ታነሣዋለች፣ ምክንያቱም ከስድስት ወር በኋላ ስሙን እንጂ ፊቱን ማንም አያስታውስም። አንድ ቅጂ ለፈራሚው በእጁ ትሰጣለች። ማታ ደግሞ ሁሉንም በስልኳ አንሥታ በቀረጻው ፋይሎች አጠገብ፣ በዚያው የትዕይንት ቁጥር ታስቀምጣለች። አንድ ፊርማ ከጎደለ የነገው ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ትነግረኛለች፤ ሰውየውም ገና ከአጠገባችን ስላልራቀ እናገኘዋለን።