ስለ አዲስ ዓመት ቅናሻችን ማብቂያ ቀን የተሰጠ ማረሚያ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ትናንት ነሐሴ 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልካችሁ በላክነው የበዓል መልእክት፣ ከ9,000 ወደ 7,650 ብር የወረደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ቅናሽ እስከ ጳጉሜን 6 እንደሚቆይ የገለጽነው በስህተት ነው። ዘንድሮ ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ በመሆኗ (ስድስተኛዋን ቀን የምናገኘው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው) ቅናሹ የሚያበቃው ሐሙስ ጳጉሜን 5 ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ዋጋው አልተለወጠም።

ሆኖም በመልእክታችን ተማምናችሁ ግዢያችሁን ለመጨረሻው ቀን ያቆያችሁ እንዳትጉላሉ፣ የትናንቱን መልእክት ለምታሳዩ ደንበኞች ሁሉ ቅዳሜ መስከረም 2 ቀን በዚሁ ዋጋ እንሸጣለን፤ መስከረም 1 መደብራችን በበዓሉ ምክንያት ዝግ ነው።

ለስህተቱ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

የሽያጭ ክፍል